ቻርቱ ላይ ትርፍ፣ አካውንቴ ላይ ኪሳራ

ወንድሜ፣ መቼ ገዝተህ መቼ እንደምትሸጥ ለሚነግርህ የሲግናል ግሩፕ የምትከፍለውን ገንዘብ እንድልክልህ የጠየቅክበትን መልእክት ትናንት ማታ አየሁት። ወዲያው ያልመለስኩልህ በችኮላ «ተው» ብዬ ማለፍ ስላልፈለግኩ ነው። ምክንያቱን ሳልነግርህ ብከለክልህ በጓሮ በር ትገባለህ፤ እኔም በአንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። «ጋሼ፣ 80 በመቶ እኮ ያሸንፋሉ» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ከፍዬ የገባሁበት የሲግናል ግሩፕ 85 በመቶ ነበር የሚለው። ቁጥሩ ደግሞ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ያኔ ትሬድ ማድረግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። አካውንቴ ላይ 2,000 ዶላር አለ። ወርቅ፣ ማለትም XAUUSD ላይ ብቻ ነው የምሠራው። ሁልጊዜ በ0.10 ሎት ነበር የምገባው፤ ወርቁ አንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ እኔ ጋ 10 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ይህቺን ሒሳብ ያዝልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ቪአይፒው ውስጥ ለመግባት ወርሃዊ ክፍያው ብቻ አይበቃም ነበር። በእነሱ ሊንክ፣ እነሱ በመረጡት ብሮከር አዲስ አካውንት መክፈት ግዴታ ነው። «እኔ እኮ ሌላ ብሮከር አለኝ» ብዬ ለአድሚኑ ጻፍኩለት። «የእኛ ሲግናል በዚህ ብሮከር ዋጋ ነው የሚወጣው፣ ሌላ ጋ ብትሠራ ስፕሬዱ ይጎዳሃል» አለኝ። ተንከባካቢ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ነገሩ የፈነዳው የአሜሪካ የሥራ ሪፖርት በሚወጣበት አንድ አርብ ቀን ነው። ሪፖርቱ ሊወጣ ደቂቃዎች ሲቀሩት ሲግናል መጣ። ሴል በ2030፣ ስቶፕ ሎስ 2042፣ ቲፒ አንድ 2028፣ ቲፒ ሁለት 2024፣ ቲፒ ሦስት 2015። ሴል ማለት ዋጋው ሲወርድ የምታተርፍበት ነው፤ ስቶፕ ሎስ ትሬዱ በኪሳራ የሚዘጋበት፣ ቲፒ ደግሞ በትርፍ የሚዘጋበት ዋጋ። ገባሁ። ሪፖርቱ ወጣ፣ ወርቁ ሽቅብ ተወነጨፈ፣ ቻርቱ ላይ 2041.50 ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፣ ወረደ፣ 2014 ገባ። ግሩፑ በእሳትና በሮኬት ምልክት ተጥለቀለቀ። «ሦስቱም ቲፒ ተመታ!»

እኔ ስልኬን ከፍቼ ሳይ ትሬዱ የለም። 2042.80 ላይ ተዘግቷል። 128 ዶላር ሄዷል።

ለአድሚኑ በውስጥ ጻፍኩለት። «የእኔ ስቶፕ ተነክቷል።» መለሰልኝ፦ «ቻርቱን እይ። ከፍተኛው 2041.50 ነው። ስቶፑ አልተነካም።» «አካውንቴ ላይ ተዘግቷል እኮ» ስለው፣ «እንግዲያው ችግሩ የብሮከርህ ነው» አለኝ። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ብሮከር እሱ ራሱ በሊንኩ ያስገባኝ ብሮከር ነበር። ይህንኑ ግሩፑ ውስጥ በትሕትና ጻፍኩት። ጽሑፌ አንድ ደቂቃ አልቆየም፣ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ መጻፍ አልቻልኩም፣ ሚዩት አድርገውኛል። ግሩፑ ውስጥ ሌሎችም እንደኔ የተዘጋባቸው እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። ግን ማንም የማንንም ድምፅ አይሰማም።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳየው ነው። ቻርቱ ላይ የምታየው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የቢድ ዋጋ ነው፣ አንተ የምትሸጥበት። ሴል ስትገባ ግን የምትዘጋው በአስክ ዋጋ፣ አንተ በምትገዛበት ነው፣ መልሰህ ስለምትገዛ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስፕሬዱ ነው። በሰላም ሰዓት ወርቅ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ነበር። ትልቅ ዜና ሲወጣ ግን ይለጠጣል፤ ያን ዕለት አንድ ዶላር ደርሷል። ስለዚህ ቻርቱ 2041.50 ሲያሳይ አስኩ 2042.50 ነበር። ስቶፔ ተነካ፣ በዚያ ፍጥነት ላይ ደግሞ ሠላሳ ሳንቲም ተንሸራቶ 2042.80 ላይ ዘጋኝ። ብሮከሩ አላጭበረበረኝም። አድሚኑም ቻርቱን አይቶ ነው የተናገረው። ግን እሱ ድሉን የመዘገበው ቻርት ላይ ነው፣ ኪሳራው የተመዘገበው የእኔ አካውንት ላይ ነው።

ያኔ ነው ደብተር የገዛሁት። በቀጣዩ ወር የመጣውን እያንዳንዱን ሲግናል ጻፍኩ። ሲግናሉ የመጣበትን ሰዓት፣ እነሱ ያሉትን ዋጋ፣ እኔ የገባሁበትን ዋጋ፣ የተዘጋበትን ዋጋ። ወሩን ሙሉ ዜና የሚወጣበትን ሰዓት እየዘለልኩ ነው የሠራሁት፣ ማማረሪያ እንዳይኖረኝ ብዬ።

40 ሲግናል መጣ። 34ቱ ቲፒ አንድን ነኩ፣ 6ቱ ስቶፕ ሎስ። በወሩ መጨረሻ ግሩፑ ላይ «34 ከ40፣ 85 በመቶ!» ብለው ለጠፉ። የእኔ ደብተርም 34 እና 6 ነው የሚለው። አልዋሹም።

አሁን ርቀቱን እይልኝ። የሁሉም ሲግናል አሠራር አንድ ነው፤ ስቶፕ ሎሱ 12 ዶላር ይርቃል፣ ቲፒ አንድ 2 ዶላር ብቻ። 34 ጊዜ 2 ሲባዛ 68 ነው። 6 ጊዜ 12 ደግሞ 72። እነሱ ባሉት ዋጋ፣ ያለምንም መዘግየት ብትገባ እንኳ 4 ዶላር ከስረሃል። እንዲህ ባለ ርቀት ኪሳራ ውስጥ ላለመግባት ብቻ ከ100 ትሬድ 86ቱን ማሸነፍ አለብህ። ማለትም 85 በመቶ የሚያሸንፍ ግሩፕ ገንዘብህን ይበላል።

እኔ ደግሞ በዚያ ወር እነሱ ባሉት ዋጋ አልነበረም የምገባው። ሲግናሉ ስልኬ ላይ እስኪደርስ፣ አንብቤ እስክከፍት፣ ስፕሬዱም ተጨምሮ በአማካይ አንድ ዶላር እየከፋብኝ ነበር የምገባው። በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቅጽበት አንድ አቅጣጫ ሲጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው ሳልደርስ ሮጦ ነበር የማገኘው። አንድ ዶላር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን 2 ዶላር ከምትጠብቅበት ላይ ግማሹን ወሰደችብህ ማለት ነው። ትርፌ 1 ሆነ፣ ኪሳራዬ 13 ሆነ። 34 አተረፍኩ፣ 78 ከሰርኩ። ልዩነቱ 44 ነው። በ0.10 ሎት 440 ዶላር። የቪአይፒው ክፍያ ሳይቆጠር ነው ይሄ።

«ቲፒ ሁለትና ሦስት እስኪደርስ ብትጠብቅስ?» ትለኛለህ፣ አውቅሃለሁ። እኔም ሞክሬዋለሁ። እነሱ እንደሚሉት ግማሹን ቲፒ አንድ ላይ ዘግቼ፣ ስቶፑን ወደ መግቢያዬ አምጥቼ፣ የቀረውን ግማሽ ቲፒ ሁለት ላይ ብዘጋ ምን ይሆን ነበር ብዬ በደብተሩ ላይ አሰላሁት። ከ34ቱ ቲፒ ሁለት የደረሱት 9 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ተመልሰው በመግቢያዬ ላይ ያለትርፍ ይዘጉ ነበር። 440 የነበረው ኪሳራ 385 ሆነ። ይሄው ነው የተሻሻለው።

እነሱስ ለምን እንዲህ ይሠራሉ? ይህን ለመረዳት ያን የመግቢያ ሊንክ አስታውስ። ብሮከሩ በሊንካቸው ከገባው ሰው እያንዳንዱ ሎት ላይ ኮሚሽን ይከፍላቸዋል። አንተ ብታተርፍም ብትከስርም። ለምሳሌ በሎት 5 ዶላር ነው እንበል። 300 ሰው፣ በ0.10 ሎት፣ 40 ሲግናል ማለት በወር 1,200 ሎት ነው። 6,000 ዶላር። ብዙ ሲግናል መላክ ያዋጣቸዋል። ቅርብ ቲፒ እና ሩቅ ስቶፕ ማድረግ ደግሞ ብዙ ትናንሽ ድል ያስገኛል፣ ለስክሪንሾት የሚሆን። ሰውም ቶሎ አይወጣም፣ በሳምንት ስምንት ጊዜ ስለሚያሸንፍ። አንድ ጊዜ ሲከስር «ዛሬ ገበያው ነው» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ከመውጣቴ በፊት አድሚኑን በኢሜይል አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። ሜታትሬደር ላይ ኢንቬስተር ፓስወርድ የሚባል አለ፤ አካውንቱን ያሳያል፣ ትሬድ ግን አያስደርግም፣ ገንዘብም አያስወጣም። «የምትሠራበትን አካውንት በዚህ ፓስወርድ አሳየኝ፣ ካየሁ በኋላ የዓመቱን እከፍላለሁ» አልኩት። «ለደኅንነት ሲባል አንሰጥም» የሚል መልስ መጣ። ፓስወርዱ ዶላር ማንቀሳቀስ እንደማያስችል ገልጬ ደግሜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

አንተ ልትከፍላቸው ያሰብካቸውን ሰዎች ነጻ ቻናልም፣ የገባህበትን፣ አይቼዋለሁ። ቴሌግራም ላይ የአንድን ፖስት ሊንክ ኮፒ ስታደርግ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በየፖስቱ እየጨመረ ይሄዳል። ፖስት ሲሰረዝ ቁጥሩ ተመልሶ አይሞላም። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ተከታታይ ፖስቶች ላይ አየሁት፤ አንዱ 812 ነው፣ ቀጥሎ ያለው 819። በመካከል ስድስት ነገር የለም። ሁሉም የከሰረ ሲግናል ነበር ማለት አልችልም። ግን አንተም ራስህ ቁጭ ብለህ ቁጥሮቹን እያቸው፣ በተለይ ወርቁ በኃይል በተንቀሳቀሰባቸው ቀናት ዙሪያ።

ለክፍያው እንድልክልህ የጠየቅከኝን ገንዘብ አልልክልህም። ቂም አትያዝብኝ። በዚያ ፈንታ አንድ ወር ዴሞ ላይ፣ በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን በመለማመጃ አካውንት፣ የእነሱን ነጻ ሲግናል በደብተር ያዝ፣ እኔ በያዝኩት መንገድ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘህልኝ ና፣ አብረን እናየዋለን።

አሁን ግን ከመተኛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። የላክልኝን ስክሪንሾት መልሰህ ክፈተው። ስቶፑ ከመግቢያው 15 ዶላር ይርቃል፣ ቲፒ አንድ 3 ዶላር ነው። 15ን ለሁለቱ ድምር፣ ለ18 አካፍለው። የወጣውን ቁጥር በመቶኛ አድርገህ እነሱ ካሉህ 80 ጎን ጻፈውና ደውልልኝ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ነቅቻለሁ።