ሲስተሙ የፈቀደው ትራንዚት

ቲኬት ቢሮ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጪ ከተደወለለት መቼም ለደግ አይደለም። ያን ማታ የደወለችው ሚኒያፖሊስ የምትኖር ደንበኛችን ነበረች። «አውሮፕላኑ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ እናቴ ግን የለችም!»

እናትየው የኢሚግራንት ቪዛ ይዘው ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ፣ ከዚያ በሌላ አየር መንገድ ሚኒያፖሊስ ነበር የሚሄዱት። ሁሉም በአንድ ቲኬት ነው። የዳለሱ ትራንዚት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ያንን የመረጠችው ልጅቷ ራሷ ናት። ባልደረባዬን «ሽማግሌ ሰው ወንበር ላይ ሲንገላታ አይዋል፣ አጠር ያለውን ቁረጥላቸው» ብላው ነበር።

ሲስተሙም ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀብሎታል። እያንዳንዱ አየር ማረፊያ ከአንድ በረራ ወደ ሌላው ለመሸጋገር የተቀመጠለት ዝቅተኛ ጊዜ አለው፣ እኛ ኤምሲቲ የምንለው። ከአገር ውስጥ ወደ አገር ውስጥ ሌላ ነው፣ ከውጭ ገብቶ ወደ አገር ውስጥ ለሚቀጥል ሌላ። ቪየና ላይ 25 ደቂቃ፣ ፍራንክፈርት ላይ 45 ደቂቃ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ትራንዚቱ ከዚያ ካነሰ ሲስተሙ ሁለቱን በረራዎች አያገናኝም። ከበለጠ ያገናኛል። ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ የእጅ ቦርሳ ብቻ ያንጠለጠለ ወጣትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡ እናትም እኩል ናቸው።

እስቲ የእሳቸውን 2 ሰዓት ከ10 እንቁጠረው። አውሮፕላኑ 25 ደቂቃ ዘገየ፣ ለረጅም በረራ ምንም ማለት አይደለም። የሚቀጥለው አውሮፕላን በር ከመነሻው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ቀረ 90 ደቂቃ። ቋንቋ ስለማይችሉ ሰው እንዲመራቸው ብለን ዊልቸር አዘንላቸዋል። እኛ ጋ ለእናቶች ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ዊልቸር ያለው ሰው ከአውሮፕላኑ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዴም ገፊው እስኪመጣ ይጠብቃል። እዚያ 20 ደቂቃ ሄደ። የኢሚግሬሽን ሰልፍ 40 ደቂቃ። ከዚያ መኮንኑ ማኅተም መትቶ «እለፊ» አላላቸውም። በኢሚግራንት ቪዛ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እስኪያልቅ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል፣ እዚያ ስምህ እስኪጠራ መቀመጥ ነው። የቀራቸው ግማሽ ሰዓት እዚያው አለቀ። ገና ሻንጣቸውን አንስተው በጉምሩክ ማለፍ፣ መልሰው ማስረከብ፣ እንደገና መፈተሽ ነበረባቸው። ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ እስከ ሚኒያፖሊስ ታግ ቢደረግም፣ አሜሪካ መጀመሪያ የምትገባበት ከተማ ላይ ራስህ አንስተህ ነው የምታሳልፈው።

ልጅቷ «አሁን አዲስ ቲኬት ልግዛ?» አለችኝ። አይ፣ አያስፈልግም። የአንድ ቲኬት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛው አየር መንገድ «አልመጡም» ብሎ ይሰርዛቸው ነበር፣ ልጅቷም በዕለቱ ዋጋ አዲስ ትገዛለች። በአንድ ቲኬት ግን ወደ መጨረሻው ከተማ የማድረስ ዕዳው የአየር መንገዱ ነው፣ ያለ ጭማሪ ክፍያ በሚቀጥለው ባዶ ቦታ ያስገባቸዋል። ቦታው መቼ እንደሚገኝ ነው እንጂ ጥያቄው። ቲኬቱን ከፍቼ ሳየው ለማታው በረራ ተቀይሯል። ስልካቸው አሜሪካ አይሠራም፣ መድኃኒታቸው ደግሞ ባስረከቡት ሻንጣ ውስጥ ነው። ልጅቷ ያለቀሰችው በገንዘቡ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቢሯችን ውስጥ የትራንዚቱን ርዝመት ብቻ አናይም። መጀመሪያ የምናየው ይህ በረራ ቢያመልጥ ቀጣዩ ስንት ሰዓት ላይ እንዳለ ነው። በየሁለት ሰዓቱ በረራ ያለበት ከተማ ከሆነ አጭር ትራንዚት ብዙም አያስፈራኝም። የቀኑ የመጨረሻ በረራ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓትም አይበቃኝ። በኢሚግራንት ቪዛ ለሚገባ ሰው ደግሞ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንይዛለን። ከ24 ሰዓት በታች የሆነ ቆይታ ትራንዚት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ በዚያው ክላስ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ ዋጋው አይጨምርም።

አሁንም «አጠር ያለውን» የሚል ደንበኛ ሞልቷል። ከነገርነው በኋላም ካለ እንቆርጥለታለን፣ መብቱ ነው። ከቲኬቱ ጋር ግን የሚቀጥሉትን ሁለት በረራዎች ቁጥርና ሰዓት፣ የሚቀበለውን ሰው ስልክም በወረቀት ጽፈን እንሰጠዋለን። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ።