«ወረደ» ብዬ ስጽፍ «ወደደ» የሚወጣው ለምንድን ነው? በማንሸራተት የመጻፍ ሙከራዬ እስከ አሁን

ከሦስት ወር በፊት ዕቃ ከመኪና ስናወርድ በአንድ እጄ ካርቶን ይዤ ስለነበር፣ በሌላው እጄ አውራ ጣት ለወንድሜ «ዕቃው ወረደ» ብዬ መልእክት ለመላክ ሞከርሁ። የተጠቀምሁበት ኪቦርድ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ወደ ግእዝ ፊደል የሚቀይር ሲሆን፣ ጣትን ሳያነሱ ከፊደል ወደ ፊደል እያንሸራተቱ መጻፍንም ይፈቅዳል። በመጀመሪያው ሙከራ «ዕቃው ወደደ» ብሎ ጻፈልኝ። ሰርዤ ደገምሁት፤ አሁንም «ወደደ» አለኝ። በሦስተኛው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካክቼ ጻፍሁት። ስሕተቱ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መደገሙ አሳሰበኝና ምክንያቱን ለማወቅ በኮምፒውተሬ ላይ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍሁ መመርመር ጀመርሁ። እስከ አሁን የደረስሁበትን እነሆ አካፍላችኋለሁ።

በመጀመሪያ የተማርሁት ኪቦርዱ ጣታችን የነካቸውን ፊደላት በቅደም ተከተል አለመመዝገቡን ነው። ጣት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲሄድ በመካከል ያሉትን ሁሉ ስለሚነካ፣ የተነኩትን መቁጠር ዋጋ የለውም። የዚህ አሠራር መሠረት በአይቢኤም የምርምር ማእከል ይሠሩ የነበሩት ሹሚን ዣይና ባልደረባቸው ፐር ኦላ ክሪስተንሰን በ2004 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሥራ ውስጥ ይገኛል። ኪቦርዱ የሚያውቀው እያንዳንዱ ቃል የፊደሎቹን መካከለኛ ነጥቦች የሚያገናኝ አንድ ናሙና መስመር አለው። ጣታችን የሣለው መስመር በእኩል ርቀት ወደ ተቀመጡ ነጥቦች ይከፋፈላል፤ ናሙናውም እንዲሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ነጥብ ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው እየተነጻጸረ አማካይ ርቀታቸው ይሰላል። ርቀቱ ያነሰው ቃል ይቀድማል፤ ሆኖም ሁለት ቃላት በርቀት ከተቀራረቡ፣ በጽሑፍ አዘውትሮ የሚገኘው ወይም ከቀደመው ቃል ጋር የሚሄደው ይመረጣል። ሥራውን ለማፍጠን ደግሞ መነሻቸውና መድረሻቸው ከጣታችን መነሻና መድረሻ የራቁ ቃላት ገና ከጅምሩ ይጣላሉ።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ሁለቱን ቃላት በወረቀት ላይ ሣልኋቸው። ወረደ በላቲን werede፣ ወደደ ደግሞ wedede ተብለው ይጻፋሉ። ሁለቱም ከ w ተነሥተው በ e ላይ ያበቃሉ፤ ስለዚህ በመነሻና በመድረሻ የሚደረገው ማጥራት አይለያቸውም። የአንድ ቁልፍ ስፋት አንድ ነው ብለን ብንለካ የመጀመሪያው መስመር ርዝመት 5.2፣ የሁለተኛው 5.5 ያህል ይሆናል። ልዩነታቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ጣት አንዴ ወደ r ሄዶ ይመለሳል ወይስ ወደ d ወርዶ ይመለሳል? ነጥቦቹን አነጻጽሬ አማካዩን ሳሰላ የሁለቱ ናሙና መስመሮች ርቀት የአንድ ቁልፍ ሩብ ያህል ሆነ። በተራ ስልክ ላይ የአንድ ቁልፍ ስፋት ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወረደን ከወደደ የሚለየው በአማካይ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው ማለት ነው። በችኮላ የሚንሸራተት አውራ ጣት ከዚህ በላይ ይስታል፤ የእኔም ጣት በዚያን ዕለት በ r እና በ d መካከል አልፎ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ጉዳዩ በሁለት ቃላት የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ባልደነቀኝ ነበር። በላቲን ሰሌዳ ላይ w፣ e፣ r፣ s እና d በአንድ ጥግ የተጠጋጉ ጎረቤቶች ናቸው። በአማርኛ ግሥ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው የፊደል ድምፅ፣ ማለትም በዚህ አጻጻፍ e የሚባለው፣ እጅግ ይበዛል፤ ሦስት ፊደል ያለው ተራ ግሥ በሦስቱም ላይ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ወረደ፣ ወደደ፣ ወረሰ፣ ደረሰ፣ ሰደደ የሚሉት ሁሉ በዚያች ጠባብ ጥግ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሉ ጭረቶች ናቸው። በአንጻሩ ቡና የሚለው ቃል ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ገና ወደ ታች፣ ከዚያም እስከ ግራው ዳር ስለሚሄድ፣ ጣቴ በጣም ቢስት እንኳ ሁልጊዜ በትክክል ይወጣልኛል። ኪቦርዱ አማርኛን የሚስተው ቃላቱን ስለማያውቅ ብቻ ነው የሚለው የቀድሞ ግምቴ በዚህ ተለወጠ። ወረደንም ወደደንም ያውቃቸዋል፤ የሚቸገረው ለእንግሊዝኛ በተሠራ የፊደል አሰላለፍ ላይ የእኛ ቃላት አንድ ቦታ ስለሚታጨቁ ነው።

ቀጥዬ ያሰብሁት በቀጥታ በግእዝ ፊደል ሰሌዳ ላይ ማንሸራተትን ነው። እዚህ ላይ አንድ አስቀድሞ የነበረ ችግር አለ፤ በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ቁልፉ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ሲሆን፣ ካዕቡን ወይም ሣልሱን የምናገኘው ቁልፉን ይዘን በመቆየት፣ በአንዳንዶቹም ከቁልፉ ላይ ጣትን ወደ አንድ አቅጣጫ በመሳብ ነው። ጣትን የመሳብ ምልክት ለድምፅ መምረጫ ስለ ዋለ፣ ለሙሉ ቃል መጻፊያ የሚሆን ቦታ አይቀርም። ስለዚህ በሙከራዬ ድምፁን ትቼ ጣቴን ቁልፎቹ በሚያሳዩአቸው ፊደላት ላይ ብቻ ለማንሸራተት ወሰንሁ፤ ድምፁን ፕሮግራሙ እንዲገምት ማለት ነው።

ለዚህ የቃላቱን አጽም፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል ወደ መጀመሪያው ድምፁ የተመለሰበትን ቅርጽ፣ ማውጣት ያስፈልጋል። በዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠው፣ ሥራው ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤

```
from itertools import groupby

def skeleton(word):
    base = [chr(ord(c) & ~7) for c in word]
    return "".join(k for k, _ in groupby(base))
```

ይህ «ወርዶ»ን ወደ «ወረደ» ይመልሳል። ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ የራሳቸው መደብ ስላላቸው ከቀ፣ ከኀ፣ ከከ እና ከገ ጋር በእጄ ማገናኘት ነበረብኝ። የመጨረሻው መስመር ተከታትሎ የተደገመን ፊደል አንድ ያደርጋል፤ ምክንያቱም ጣት ባለበት ቁልፍ ላይ ሁለተኛ ሊሄድ አይችልም። የዚህን መዘዝ ያየሁት ወደደን ስሞክር ነው። አጽሙ «ወደ» ሆነና በጽሑፍ ሁሉ ውስጥ ከሚበዙት ቃላት አንዱ ከሆነው «ወደ» ጋር ፍጹም አንድ መስመር ያዘ፤ በድግግሞሽ ሲመዘን ደግሞ ወደደ የማሸነፍ ዕድል የለውም። ከበበ፣ ነደደ፣ መረረ የሚሉት ሁሉ የመጨረሻውን ፊደላቸውን በዚሁ መንገድ ያጣሉ።

ወረደ ግን አሁን ከወደደ በግልጽ ተለየ፤ በምትኩ ከራሱ ዘመዶች ጋር ተጋጨ። ሦስት ፊደል እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ ሲይዝ 343 ዓይነት አጻጻፍ ይፈቅዳል። አብዛኞቹ ቃል አይደሉም፤ ነገር ግን ወረደ፣ ወረዱ፣ ወረዳ፣ ወራዳ፣ ወርዳ፣ ወርዶ፣ ወርድ፣ ወርዱ፣ ውረድ፣ ውረዱ እና «ውርድ ከራሴ» በሚለው አነጋገር ያለው ውርድ ሁሉም በዕለት ተዕለት አማርኛ ያሉ ቃላት ናቸው። ዐሥራ አንዱም አንድ መስመር ናቸው። ጣቴን የቱንም ያህል ባጠራው በቅርጽ ሊለዩ አይችሉም።

ስለዚህ ፍርዱ በሙሉ ለዐረፍተ ነገሩ ቀሪ ክፍል ይተዋል። በዚህ ረገድ የአማርኛ አወቃቀር የሚያግዝ መሆኑ በሙከራዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ያስደሰተኝ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ኪቦርዱ እርሱን በሚገምትበት ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ ተጽፏል። «ልጁ ከዛፍ» ከተባለ ወረደ፣ «ልጆቹ ከዛፍ» ከተባለ ወረዱ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ የሚገምተው የማገዣ ሞዴል በቅርብ ያለውን አንድ ቃል ብቻ የሚያይ ከሆነ የሚያየው «ከዛፍ» የሚለውን ነው፤ ቁጥሩን የሚወስነው «ልጆቹ» ከአንድ ቃል በላይ ይርቃል። ቢያንስ ሁለት ቃላት ወደ ኋላ የሚመለከት ሞዴል ካልሆነ ይህ ጥቅም ይባክናል። ወረዳን የመሰለ ስም ሲሆን ደግሞ የሚያብራራው ቃል ከኋላው ስለሚመጣ («ወረዳ አስተዳደር» እንደሚባለው)፣ ጽሑፉ ሲቀጥል ቀድሞ የተገመተውን መለስ ብሎ ማረም ይጠይቃል።

ከሁሉ የከበደኝ የቅጥያ ጉዳይ ነው። ናሙና መስመር የሚኖረው በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ቃል ብቻ ነው፤ እኛ ግን «ስላልወረደ»፣ «እንዲወርድላቸው»፣ «ያላወረድነውን» እንላለን፤ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። በግንድና በቅጥያ ከፍሎ ለመጻፍ ብሞክር፣ ኪቦርዱ በሁለት ማንሸራተት መካከል ራሱ ክፍተት ስለሚጨምር በየጊዜው መሰረዝ ግድ ሆነብኝ። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለው የአማርኛ ቃላትን የሚተነትንና የሚያመነጭ ፕሮግራም ስላለ፣ የአንድን ግሥ ቅርጾች አመንጭቼ ወደ ዝርዝሬ ጨመርኋቸው። ረጃጅሞቹ መውጣት ጀመሩ፤ አጫጭሮቹ ግን ተበላሹ። በሰዋስው ትክክል የሆነ ነገር ግን ማንም የማይጽፈው እያንዳንዱ ቅርጽ ለሚጻፈው ቃል አዲስ ተፎካካሪ ነውና፣ አሁን የማስቀረው በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ቢያንስ አንዴ ያገኘሁትን ብቻ ነው። የሞክሼ ፊደላትንም ጉዳይ በዚሁ ጊዜ አስተካከልሁ፤ ፀሐይ በጸ ወይም በፀ፣ በስድስት ዓይነት «ሀ» ሲጻፍ ዐሥራ ሁለት አጻጻፍ ስለሚኖረው፣ ድግግሞሹ በዐሥራ ሁለት ቃላት ላይ ተበትኖ ሁሉም ደካማ ይሆናሉ። ስቆጥር አንድ አድርጌ ቆጥሬ፣ ሲጻፍ የምመርጠውን እንዲያወጣ አደረግሁ።

በዚህ ሳምንት የጀመርሁት ሙከራ የዐሥራ አንዱን ቃላት ዝርዝር ደጋግሜ ሳነብ የመጣልኝ ነው። ጣት ከመነሣቱ በፊት የመጨረሻውን ፊደል ድምፅ ብቻ በአቅጣጫ ብንመርጥስ? በ«ድ» የሚያልቁት ሦስት፣ በ«ዱ» ሦስት፣ በ«ዳ» ሦስት፣ በ«ደ» እና በ«ዶ» አንድ አንድ ናቸው። ኪቦርዶች ከፊደሎቹ በላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እጩ ቃላት ስለሚያሳዩ፣ ከዐሥራ አንዱ ማንኛውም ሳይደበቅ ይታያል። እንደ «ወረደች» እና «ይወርዳል» ያሉት በሳድስ ስለሚያልቁ ለእነርሱ ምርጫው የሚጨምረው ነገር የለም፤ አጽማቸው ረዘም ያለ በመሆኑ ግን የሚጋጩበት ቃል ጥቂት ነው። የቀረኝ አስቸጋሪ ነገር ጣት በመጨረሻው ቁልፍ ላይ የሚያደርገውን ተራ መንሸራተት ሆን ተብሎ ከተሳበው መለየት ነው፤ ለጊዜው ከግማሽ ቁልፍ በታች ያለውን ሁሉ እንዲተወው አድርጌዋለሁ።