ሁሉም «አስቸኳይ» የሆነበት ላቦራቶሪ

የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የክፍሉን ኃላፊነት ስረከብ ከተኝቶ ሕክምና ክፍሎች የሚመጡት የምርመራ መጠየቂያ ቅጾች አብዛኞቹ ጥጋቸው ላይ ቀይ «አስቸኳይ» ማህተም ነበረባቸው። አንዳንዱ ክፍል በየቅጹ መምታቱ ስለሚያሰለቸው ሙሉውን ጥራዝ ጠዋት መትቶ ያስቀምጠው ነበር። ገና ስሙ ያልታወቀ ሕመምተኛ፣ ገና ያልታዘዘ ምርመራ፣ ቅጹ ግን አስቀድሞ አስቸኳይ ሆኗል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ አንዱ ክፍል በዚህ መንገድ ቀድሞ ሲስተናገድ ያየው ሌላው ክፍል ያንኑ አደረገ።

ማህተሙ ዋጋ ሲያጣ የሚያስቸኩለው ነገር አብሮ አይጠፋም። ሌላ መግለጫ ይፈልጋል። ከማህተሙ አጠገብ በእጅ «በጣም አስቸኳይ» ተብሎ ይጻፍና ሁለት ጊዜ ይሰመርበታል። ኢንተርኑ ብልቃጡን በእጁ ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ከላቦራቶሪው ሰው ጋር አብሮ የተማረ ሐኪም በግል ስልኩ ይደውላል። በዚህ መካከል ማን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው፤ ትውውቅ የሌለው፣ ድምፁ ያልጎላ፣ ሕመምተኛውን ጥሎ መሮጥ ያልቻለ ሐኪም የሚያክመው ሰው ነው።

ነገሩን ለባልደረቦቼ ያስረዳሁት በቀላል ስሌት ነበር። የጠዋቱ ግርግር ከ2፡30 እስከ 4፡00 ነው። 40 ናሙናዎች ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ለመቀበል፣ ለመመዝገብና ወደየመሣሪያቸው ለመለየት 3 ደቂቃ ይወስዳሉ እንበል። ከ40ዎቹ 4ቱ አስቸኳይ ከሆኑ የመጨረሻው አስቸኳይ በ12 ደቂቃ ውስጥ ይስተናገዳል። 30ዎቹ አስቸኳይ ከሆኑ ግን የመጨረሻው 90 ደቂቃ ይጠብቃል። በእውነት የሚያስቸኩሉት አራቱ ከ30ዎቹ መካከል የት እንዳሉ ማንም ስለማያውቅ፣ አንዱ በአምስተኛው ደቂቃ፣ ሌላው በሰማንያኛው ሊደርሰው ይችላል። ማህተሙ ሊያሳጥር የሚችለው ደግሞ የሰልፉን ጊዜ ብቻ ነው። ለኬሚስትሪ ምርመራ የተቀዳ ደም ለመርጋት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ደሙ ማህተም አያነብም።

ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ለክፍሎቹ «ማህተሙን በአግባቡ ተጠቀሙ» የሚል ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስኪደበዝዝ እንኳን አይቆይም፣ ልማዱ ይመለሳል። ስለዚህ ደብዳቤውን ትቼ ለተወሰነ ጊዜ በእያንዳንዱ አስቸኳይ ቅጽ ጀርባ ሦስት ሰዓቶች እንዲመዘገቡ አደረግሁ፦ ናሙናው የደረሰበት፣ ውጤቱ የተዘጋጀበት፣ ውጤቱ የተወሰደበት። ብዙ ያስተማረኝ ሦስተኛው ነው። አስቸኳይ ተብለው የተሠሩ ውጤቶች ብዙዎቹ በክፍሉ ሣጥን ውስጥ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዶቹም እስከ ማግስቱ የሐኪሞች ዙር ድረስ ተኝተው ይውሉ ነበር።

ይህን ወረቀት ይዤ ክስ ለመመሥረት መሄድ እችል ነበር። ለምን እንደሚመቱ መጠየቁን መረጥሁ። የውስጥ ደዌ ክፍሏ አንጋፋ ነርስ መልሷ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፣ ያለ ማህተም የላክሁት ዛሬ ይምጣ፣ ነገ ይምጣ፣ ጠፍቶም ይቅር የሚነግረኝ የለም። ማህተም ያለው ቢያንስ ዛሬ ይመጣል።» እሷ «አስቸኳይ» ስትል «እባካችሁ አትጣሉብኝ» ማለቷ ነበር። ችግሩ ከአስቸኳዩ ወረፋ ይልቅ በመደበኛው ወረፋ ላይ ነበር። መደበኛው ወረፋ የማይታመን ከሆነ ሐኪሙም ነርሷም ለሕመምተኛቸው ሲሉ ከዚያ ያመልጣሉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ስለዚህ ሥራችንን የጀመርነው ማህተም ከሌለው ናሙና ነው። እስከ ጠዋቱ 4፡00 የደረሰን ማንኛውም መደበኛ ናሙና ውጤቱ እስከ ቀኑ 8፡00 ክፍሉ ድረስ እንዲሄድ ወሰንን፤ ፖርተሩ ራሱ ይዞት ይሄዳል፣ ማንም ሊወስድ አይመጣም። ከዚህ የበለጠ የጠቀመን ግን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በየቀኑ 6፡00 ሰዓት ላይ ሊሠሩ ያልቻሉት ናሙናዎች ከነምክንያታቸው ተዘርዝረው ለየክፍሉ ይላካሉ፦ ይህ መርጋት ሳይገባው ረግቷል፣ ይህ መጠኑ አንሷል፣ ይኸኛው ስም የለውም። ክፍሉ በዚያው ቀን እንደገና ቀድቶ መላክ ይችላል። ስለ አስቸኳይ ናሙና አንድም አዲስ ደንብ ሳናወጣ የቀይ ማህተሙ ቁጥር ሲቀንስ አየን። አስቀድመው የተመቱት ጥራዞችም ከነርሶቹ ጠረጴዛ ጠፉ።

ቀጥሎ ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጠን «አስቸኳይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተስማማን። የበሽታ ስም እየጠሩ መከራከር ማብቂያ የለውም፤ ስለዚህ መለኪያችን አንድ ጥያቄ ሆነ። ውጤቱ ቢደርስ በቀጣዩ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚቀየር ነገር አለ? ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው የሚሰጠውን ደም ተስማሚነት መመርመር፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሕመምተኛ ፖታሲየም፣ ራሱን ለሳተ ሕፃን የወባ ምርመራ ይህን ጥያቄ ያልፋሉ። የአከርካሪ ፈሳሽ ማህተም ቢኖረውም ባይኖረውም ወዲያው ይሠራል፤ ሕዋሳቱ በቆየ ቁጥር ስለሚፈርሱ ቆይቶ መቁጠር ዋጋ የለውም። በቅጹ ላይም አንድ መስመር ጨመርን፦ ውጤቱን የሚቀበለው ሰው ስምና ስልክ። ይህ መስመር ካልተሞላ ናሙናው በአስቸኳዩ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ስሙን የሚጽፍ ሰው ስልኩ ሲጮኽ ማንሣት እንዳለበት ስለሚያውቅ ከመምታቱ በፊት ለአፍታ ያስባል። ቅጣት አላስፈለገንም።

በቀይና በመደበኛ መካከል አንድ ነገር እንደጎደለም ገባን። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ ውጤቱን ካላገኘ ማደሪያ የሌለው ተመላላሽ ሕመምተኛ፣ ወይም የኩላሊቱን ሁኔታ የሚያሳየው ክሬአቲኒን ታይቶ ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ አይደለም፤ ጉዳዩ ግን እስከ ማታ አይጠብቅም። ለእነዚህ ቀለም አልሰጠንም። ሐኪሙ «እስከ ስንት ሰዓት» የሚል ባዶ ቦታ ላይ ሰዓት ይጽፋል፣ እኛም በዚያ ሰዓት እንሰጣለን። ሰዓት መጻፍ «አስቸኳይ» ከማለት የተሻለ ታማኝ ያደርጋል፤ «6፡00» ብሎ የጻፈ ሰው ለምን 6፡00 እንደሆነ ለራሱ መልስ አለው።

አንድ ጠዋት የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። 2፡50 ላይ ከውስጥ ደዌ ክፍል ኩላሊቷ የደከመ ሴት የፖታሲየም ናሙና በቀይ ማህተም መጣ። ቀዩ መደርደሪያ ላይ ከእሷ ሌላ ሁለት ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። ደሙ የተቀዳው በአረንጓዴ ክዳን ብልቃጥ ነው። በውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን ስላለ እስኪረጋ መጠበቅ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ወደ ሴንትሪፊዩጅ ይገባል። እነዚህ ብልቃጦች ሁልጊዜ ስለማይገኙ ለአስቸኳይ ኬሚስትሪ ብቻ እንዲቀመጡ አድርገናል። 3፡05 ላይ ናሙናው ሲወጣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ቢጫ መሆን ሲገባው ሮዝ ነበር። ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰዋል ማለት ነው፤ ከውስጣቸው የወጣው ፖታሲየም ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ቴክኖሎጂስቷ ቅጹ ላይ ባለው ስልክ ደወለች። ሐኪሙ አዲስ ናሙና እንዲቀዳ አዝዞ በመካከሉ የልብ ምርመራ አደረገላት። ሁለተኛው ናሙና 3፡20 ላይ ደረሰ፣ ውጤቱም 3፡45 ላይ በስልክ ተነገረ። በቀድሞው አሠራር የመጀመሪያው ናሙና መበላሸቱን የምናውቀው ቀትር ላይ ነበር፤ ያኔም የሚደወልለት ሰው አናውቅም። ቀይ መደርደሪያው ባዶ ሊባል የተቃረበ በመሆኑ መጥፎውም ዜና በፍጥነት ደረሰ።

ላቦራቶሪው የማያደርገው አንድ ነገር አለ። ማህተሙን በራሱ አይሽርም። ወጣት ባለሙያዎቻችን ቅጹን አይተው «ይህማ አያስቸኩልም» ብለው ወደ መደበኛው ሊያወርዱት ይፈልጋሉ። ሕመምተኛውን ያላየ ሰው ይህን ሊወስን አይችልም። አንድ ናሙና ያለ ምክንያት ቢቀድም የሚጠፋው 3 ደቂቃ ነው፤ አንድ እውነተኛ አስቸኳይ በእኛ ግምት ቢወርድ ግን ሐኪሞቹ ማህተሙን ዳግመኛ አያምኑም፣ ወደ ግል ስልካቸው ይመለሳሉ። ጥርጣሬ ካለን እንደውላለን፤ መልስ እስክናገኝ ድረስ ናሙናው አስቸኳይ እንደሆነ ይቆያል። ማጣራቱ የሚሆነው በኋላ ነው። ከክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ጋር ጥቂት አስቸኳይ ቅጾችን በዘፈቀደ አንሥተን «ውጤቱ ከደረሰ በኋላ በነበረው አንድ ሰዓት ምን ተደረገ?» ብለን የሕመምተኛውን ካርድ እናያለን። ምንም ካልተደረገ ኃላፊው ሐኪም ራሱ ኢንተርኖቹን ያነጋግራል። ከእኔ አፍ ቢወጣ ጠብ ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ትምህርት ይሆናል።

የጥያቄው አጣዳፊነትና የውጤቱ አጣዳፊነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውንም ለማስረዳት ጊዜ ወስዶብናል። በመደበኛ ወረፋ የመጣ ናሙና ለሕይወት የሚያሰጋ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜ ማህተም ባይኖረውም ወዲያው ይደወላል፤ ወዲያው የሚያስደውሉ የውጤት ቁጥሮች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሐኪሞቹ ይህን ካወቁ በኋላ «ምናልባት ክፉ ነገር ቢወጣስ» በሚል ፍርሃት ብቻ መምታታቸው ቀነሰ።

የማህተሙ መርከስ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ አዲስ ኢንተርኖች በየጊዜው ይገባሉ። መመለሱን የምናውቅባቸው ሁለት ምልክቶች አሉን። አንደኛው ውጤቱ ከተዘጋጀ በኋላ እስኪወሰድ ያለው ጊዜ መርዘሙ ነው። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ «በጣም አስቸኳይ» ዳግም ብቅ ማለቱ ነው። ይህን ባየን ጊዜ መጀመሪያ የምንፈትሸው የራሳችንን የ8፡00 ሰዓት ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ያዘገየነው እኛ ሆነን እንገኛለን። መሣሪያ ሲበላሽ ወይም ሪኤጀንት የሚባለው የመመርመሪያ ኬሚካል ሲያልቅም ለክፍሎቹ «ዛሬ የ8፡00 ሰዓቱ ቃል አይሠራም» ብለን በግልጽ እንናገራለን። ሌሊት ግን ወረፋ ስለሌለ ማህተሙ ቢመታም ባይመታም ልዩነት የለውም፤ ተረኞቹም አይከራከሩበትም።

እስካሁን ያልተስማማነው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ጋር ነው። ለነገ ጠዋት ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ምርመራው ተረስቶ ማታ 2፡00 ላይ በቀይ ማህተም ይላካል። እኔ መርሳት አስቸኳይ አያሰኝም እላለሁ። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ሕመምተኛው ጾሞ ያድራል፣ ወረፋውም ካለፈው ቀጣዩ ሩቅ ነው ይላል። እውነት አለው። ለጊዜው «እስከ ጠዋቱ 12፡00» ብሎ ሰዓት እየጻፈ ይልካል፣ ተረኛውም ይሠራዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ የምጠይቀው የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ዝርዝር በዋዜማው ቀትር ላይ ለእኛም እንዲደርሰን ነው፤ ዝርዝሩ ካለን ናሙናው ያልመጣውን ሕመምተኛ ስም አይተን ቀድመን የምንደውለው እኛ እንሆናለን።