ሊቀመንበራችን ወደቀ

የእኛ ሊቀመንበር ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ጓደኛችን በተከራየው ቤት ጣሪያ ላይ፣ ከውሃው ሮቶ አጠገብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን እንሰበሰባለን። ከወንበሮቹ ሁሉ የክንድ መደገፊያ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የተቀመጠበት ሰው ወሬውን ይመራል፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። አንድ እግሩ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለነው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ላይ ጀንበሯ ጠልቃ፣ የቆሮሶ ዓሣው ተጠብሶ፣ ከመካከላችን ወፈር ያለው ወሬውን ሊጀምር ሲል የወንበሩ እግር ጧ አለ። ሰውየው ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ የያዘው ሻይ ግን ጠብ አላለም። ሊቀመንበሩን ገልብጠን ነጠላ አለበስነው። ሌላው ጓደኛችን የራሱን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰ፤ አንገታችንን ደፍተን ፎቶ ተነሣን።

ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ነው። ከወንበሩ ጀርባ አከራያችን ያሰጧቸው የውስጥ ልብሶች ይታዩ ነበር። ለአከራያችን ክብር ስል የፎቶውን የታችኛውን ክፍል ቆረጥኩት፤ ወንበሩም አብሮ ተቆረጠ። የቀረው አንገታቸውን የደፉ አራት ጎልማሶች ናቸው። ፎቶውን ማኅበራዊ ገጼ ላይ ለጥፌ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሊቀመንበራችን ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወደቀ። 3 ዓመት ሙሉ ሁላችንንም ተሸክሞን ኖረ። ‹ደርሻለሁ› ያለው ወዳጃችን ግን ለቀብሩም አልደረሰም። የተረፉትን ሦስት እግሮች ለሚፈልግ በነጻ እንሰጣለን።»

እኔ የተማመንኩት በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነበር። ስልኩ ግን ጽሑፍ ሲረዝም መጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ የቀረውን ይሸሽጋል፤ ለማየት መንካት ያስፈልጋል። የሞት ዜና ያነበበ ሰው ደግሞ ወደ ስልክ ጥሪ እንጂ ወደ ቀሪው ጽሑፍ አይሄድም።

አባቴ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር መሆናቸውን ነግሬያችኋለሁ?

ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። 2 ሰዓት ላይ ሳወጣው 17 ያመለጡ ጥሪዎች አሉ። መልሼ የደወልኩት ለአክስቴ ነው።

«አንተ ልጅ! ወንድሜን ምን አገኘው?»

«የትኛው ወንድምሽን?»

ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። ለቅሶውን ለቀቀችው።

ያ ሁሉ ሲሆን አባቴ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቤት ተቀምጠዋል። የእድሩ ጸሐፊ ድንኳን ሊያወጣ ሁለት ሰው ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዷል። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ደግሞ በሊቀመንበሩ እጅ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ወደ ሟች ቤት መጡና በሩን አንኳኩ፤ የከፈቱት አባቴ ናቸው።

«ምነው በዚህ ሰዓት?»

«የ... የድንኳኑን ቁልፍ ፈልገን ነበር፣ ጋሼ።»

«ማን ሞተ?»

ጸሐፊው ወደ ጎረቤት አየ፣ ወደ መሬት አየ። «እርስዎ» አለ።

አባቴ በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና «ሟች ራሱ ቁልፍ ያስረክባል የሚል አንቀጽ የለንም» ብለው አስገቧቸው፤ ቡና ተፈላ።

እኔ እየሮጥኩ ስደርስ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነበሩ። ይቆጡኛል ያልኩት በሞታቸው ዜና ነበር። የጸሐፊውን ስልክ ተቀብለው ጽሑፌን በመነጽራቸው ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ግን «‹ወደቀ› ነው ወይስ ‹ወደቁ›?» አሉኝ። «እኔ ብሞት ‹ወደቀ› ብለህ ነው የምትጽፈው?»

አንተ የተባለው ወንበሩ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ወንበር ሊቀመንበር መባሉን ሲሰሙ ጸሐፊው ቡናው ትን አለው፤ አባቴ ግን አልሳቁም።

የሚገርመው፣ ቀልዱን ከማያውቁት ሰዎች ብዙዎቹን ያሳቃቸው ስለ ‹ደርሻለሁ› የጻፍኩት ነው። ጓደኛችንን አያውቁትም፤ ግን ቤቱ ሆኖ ጫማውን እየፈለገ «ደርሻለሁ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ሊቀመንበሩ ግን ካልታየ ለማንም ሰው አይገባም። ስለዚህ በማግሥቱ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ አከራያችን ልብሳቸውን እስኪያነሡ ጠበቅሁ፣ ወንበሩን ብቻውን አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁት። ጽሑፉንም አሳጠርኩ፦

«ሊቀመንበራችን ይኸው። አባቴ ደህና ናቸው፤ እግሩን ያጣው ወንበሩ ነው።»

ምንም የሚሸሸግ ነገር የለውም ብዬ ገና ስልኩን ሳስቀምጥ አክስቴ ደወለች።

«ደግሞ እግሩን ምን ሆነ?»