የብሯ ክታብና የመሪጌታ ጥያቄ

ኢየሩሳሌም ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። የፋሲካ ሰሞን ለእኔ ከባዱ ጊዜ ነው። ተሳላሚው ከአገር ቤት፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ጎልጎታን፣ ዴር ሡልጣንን፣ ቤተ ልሔምን ካስጎበኘሁ በኋላ ጊዜ ከተረፈን ወደ እስራኤል ሙዚየም እወስዳቸዋለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ እዚያ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ሁሌ የማቆማቸው አንዲት መስታወት ፊት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት ቀጫጭን የብር ቅጠሎች አሉ። ትልቁ 97 ሚሊ ሜትር ቁመትና 27 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ትንሹ 39 በ11 ብቻ ነው፤ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ሁለቱም ላይ በጥንቱ የዕብራይስጥ ፊደል፣ በሹል ነገር የተጫረ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ካልተነገረህ ጭረት ነው ብለህ ታልፈዋለህ።

ለዓመታት እዚያ ቆሜ የምለው አንድ ነበር። «ይህ ብር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት አካባቢ የተጻፈ ነው። የካህናቱ ቡራኬ፣ ዘኍልቍ ምዕራፍ 6፣ እዚህ ላይ አለ። ስለዚህ ኦሪት ዘኍልቍ ሰሎሞን የሠራው ቤተ መቅደስ ከመፍረሱ በፊት ተጽፎ ለማለቁ ማስረጃው ይኸውላችሁ።» ሰው እልል ይላል። እኔም ደስ ይለኛል።

የዚያን ቀን ከቡድኑ ጋር አንድ መሪጌታ ነበሩ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ቁም ጽሕፈትም ያውቃሉ። አጠገባቸው የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነች ልጅ ቆማ የምናገረውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንዲት እናት ብሩን ሲያዩ «ይሄማ ክታብ ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። ብሩ እንደ ጥቅልል ተጠቅሎ፣ መሃሉ ባለው ቀዳዳ ክር ገብቶበት አንገት ላይ የሚታሰር ነበር።

መሪጌታ መስታወቱን ረጅም ሰዓት አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ክታብ መሆኑን አምነናል። እኛ አገር አባታችን ሆይ የተጻፈበት ክታብ ሞልቷል። የጻፈው ሰው የማቴዎስን ወንጌል ከፍቶ ነው የገለበጠው?»

«አይ መሪጌታ፣ በቃሉ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ይህን የጻፈው ሰውዬ ዘኍልቍን ከፍቶ መጻፉን በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ታየኛለች። ወደ ሚቀጥለው አዳራሽ መራኋቸው፤ ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የቆጨኝ ያን ንግግር ስንት ቡድን ፊት እንዳልኩት ሳስብ ነው።

ማታ ሆቴል ካደረስኳቸው በኋላ ቁፋሮ ላይ ለምትሠራ ወዳጄ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት የመሪጌታን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «አንተ ሁለት ዕድሜ ደባልቀህ ነው የምትናገረው» አለችኝ። «አንዱ የብሩ ዕድሜ ነው። ሌላው የመጽሐፉ ዕድሜ። መጀመሪያ የብሩን እንጨርስ።»

ብሩ የተገኘው በ1979 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ከአሮጌው ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከሄኖም ሸለቆ በላይ ኬቴፍ ሂኖም በሚባል ቦታ ነው። ቁፋሮውን የመሩት ጋብሪኤል ባርካይ ናቸው። ቦታው ከድንጋይ የተፈለፈለ የቤተሰብ መቃብር ነው። ያኔ ሬሳው በድንጋይ መደብ ላይ ይጋደማል። ሥጋው ሲያልቅ አጥንቱና አብሮት የተቀበረው ዕቃ ከመደቡ ሥር ወዳለ ጓዳ ይጠራቀማል። ሌቦች መቃብሮቹን ዘርፈዋቸዋል። አንዱ ጓዳ ግን ጣሪያው ተንዶ ስለሸፈነው ወለል መሰለና ተረፈ። ከውስጡ ከ1000 በላይ ዕቃ ወጣ። ከዚያ መሃል ነው የሲጋራ ቁራጭ የሚያካክሉ ሁለት የብር ጥቅልሎች የተገኙት። ሳይሰባበሩ ለመዘርጋት ብቻ ሦስት ዓመት ፈጅቷል።

«ችግሩ እዚህ ላይ ነው» አለችኝ ወዳጄ። አንድ ቤት ተቃጥሎ ሲፈርስ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ የዚያን ቀን ይዘጋል። የመቃብር ጓዳ ግን አይዘጋም። ቤተሰብ ትውልድ በትውልድ እየከፈተ አጥንት ይጨምርበታል። ይህ ጓዳ ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ከፈረሰች በኋላም ሰው ተቀብሮበታል። ስለዚህ ብሩ ከድሮ ሸክላ ጋር ተገኘ ማለት ብቻውን አይበቃም። አፈሩ ሰፊ ዘመን ይሰጥሃል እንጂ ዓመቱን አይነግርህም።

ዘመኑን ያጠበበው የፊደሉ ቅርጽ ነው። ፊደል እንደ ልብስ ፋሽኑ ይለወጣል። ዘመናቸው የታወቀ ጽሑፎች አሉ። ለምሳሌ የለኪሶ ደብዳቤዎች፣ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉት፣ ናቡከደነፆር ከተማዋን ሲያቃጥል በፍርስራሹ ሥር ቀርተው ነው የተገኙት። የብሩን ፊደል ከእነሱ ጎን አስቀምጠህ አንድ በአንድ ታወዳድራለህ። እግሩ የት ይታጠፋል፣ ራሱ ወዴት ያዘነብላል። ይህም ሙግት አላጣውም። በብር ላይ መጫር ሸክላ ላይ በቀለም እንደመጻፍ አይደለም፤ እጅ አይታዘዝም። ደግሞ ይህ ጥንታዊ ፊደል ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የአይሁድ ነገሥታት በነበሩት በሐስሞናውያን ዘመን ሳንቲም ላይ ተመልሶ መጥቷል። በዚህ የተነሳ ብሩን ወደ 2ኛውና 1ኛው መቶ ዓመት ዝቅ ያደረጉ ምሁራን ነበሩ። በኋላ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከባርካይ ጋር ሆነው ብርሃኑን ከተለያየ አቅጣጫ እያበሩ በረቀቀ ካሜራ አነሱትና ያልታዩ ጭረቶች ታዩ፤ ውጤቱን በ2004 አሳተሙት። ያኔ የ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም የ6ኛው መጀመሪያ የሚለው ግምት በረታ። ትንሽ ወደዚህ፣ ከምርኮ በኋላ የሚያመጡት ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያኛው ጋር ናቸው። በዚህ ስሌት ብሩ የሙት ባሕር ጥቅልሎችን በአራት መቶ ዓመት ገደማ ይበልጣቸዋል።

«የብሩ ዕድሜ ይኸው ነው» አለች። «አሁን ጽሑፉን አንብበው።»

መጽሐፍ ቅዱሴን ዘረጋሁ። ዘኍልቍ 6፣ ከቁጥር 24 ጀምሮ። «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም፤ እግዚአብሔር ፊቱን ያብራልህ፥ ይራራልህም፤ እግዚአብሔር ፊቱን ወደ አንተ ያንሣ፥ ሰላምንም ይስጥህ።» ሦስት ምርቃት ነው። ትንሹ ብር ላይ ያለው ግን ሁለት ብቻ ነው። ይባርክህ፣ ይጠብቅህ ይልና፣ ፊቱን ያብራልህ ካለ በኋላ በቀጥታ ሰላምን ይስጥህ ብሎ ያልቃል። «ይራራልህም» የለም። «ፊቱን ወደ አንተ ያንሣ» የለም። ያን ብር ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ መሪጌታ አጠገብ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። አንድ ነገር ጨመርኩላቸው፤ በዕብራይስጡ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ምርቃት «ፊቱን ወደ አንተ» የሚሉትን ቃላት ይዟል፤ ፊቱን ወደ አንተ ያብራ፣ ፊቱን ወደ አንተ ያንሣ። እሳቸው ወዲያው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ መስመር አሰመሩ።

«ዓይን ዘሎ ይሆናል» አሉ። «እኔም ስጽፍ ያጋጥመኛል። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ካለ፣ ብራናው ላይ ጽፈህ ወደ ቅጂው ስትመለስ ዓይንህ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። መሃሉ ይቀራል።»

የጽሑፍ ቅጂዎችን የሚያወዳድሩ ምሁራን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የጎደለው ልክ ከመጀመሪያው «ፊቱን ወደ አንተ» እስከ ሁለተኛው ያለው ነው፤ ስለዚህ ዓይን መዝለል ሊሆን ይችላል። ዓይን ዘሎ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው ከፊቱ የተጻፈ ነገር ነበረው ማለት ነው። ያም ቢሆን ሙሉ መጽሐፍ ላይሆን ይችላል፤ ቡራኬው ብቻ የተጻፈበት ቁራጭም ይበቃዋል። በሌላ በኩል ብሩ ትንሽ ናትና አውቆ አሳጥሮት ይሆናል። ወይም ደግሞ ቡራኬው በአጭሩም ይባል ነበር፤ ዘኍልቍ ውስጥ የገባው ረጅሙ ነው። ትልቁ ብር ይፈርድልን ነበር፤ ግን ልክ ቡራኬው ላይ ሲደርስ ታችኛው ጫፉ ተበልቷል።

መሪጌታ ጥቂት አሰቡና «የግሪኩስ ምን ይላል?» አሉ። ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር፤ የእኛ ብሉይ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪኩ መሆኑን ያውቃሉ። ወዳጄ ማታ የነገረችኝን ነገርኳቸው። በዕብራይስጡ ከቡራኬው በኋላ «እንዲሁ ስሜን በእስራኤል ልጆች ላይ ያደርጋሉ» የሚል ቁጥር 27 አለ። በግሪኩ ይህ ዓረፍተ ነገር ከቡራኬው በፊት ነው የሚመጣው። ቡራኬው አልተነካም፤ ዙሪያው ያለው ግን ቦታ ይቀይራል። ይህ ቡራኬው ራሱን ችሎ የሚዞር፣ በኋላ መጽሐፉ ውስጥ የተቀመጠ ጸሎት መሆኑን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም።

ብሩ እንግዲህ የሚያስረዳው ቡራኬው በዚያ ዘመን አንገት ላይ እስኪታሰር ድረስ የታወቀ መሆኑን ነው። ዘኍልቍ ዛሬ እንደምናነበው ሆኖ መቼ ተጠናቀቀ ለሚለው ግን መልስ የለውም። ብዙ ምሁራን የመጽሐፉን የካህናት ክፍል በምርኮ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ያደርጉታል። ብሩ ይህን አያፈርስም፤ ቀደም ይላል የሚሉትንም አያሸንፍላቸውም። ቡራኬው ቀድሞ መኖሩ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል።

ማይክሮፎኑን አነሳሁ። ትናንት የተናገርኩት ስህተት እንደነበረና የትኛው ክፍል እንደሆነ ነገርኳቸው። ለመሪጌታም ምስጋናዬን በሁሉም ፊት አቀረብኩ። አንዲት እናት ከኋላ «ታዲያ ብሩ ውሸት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። «ብሩማ እውነት ነው እማማ፤ ያጋነንኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አስተማሪዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ትናንት ከጻፈችው ላይ «ኦሪት ዘኍልቍ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ በትንንሽ ፊደል «ቡራኬው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «መቼ ነበር ያልከኝ፣ 7ኛው መጨረሻ ወይስ 6ኛው መጀመሪያ?» አለችኝ።

«ወይም» ብለሽ ሁለቱንም ጻፊው አልኳት።