ፍተሻውን ያለፈው ማስታወቂያ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን የሥልጠና ማስታወቂያ በፒዲኤፍ አዘጋጅቼ ነበር። አማርኛው በግራ፣ አፋን ኦሮሞው በቀኝ፣ ከግርጌ ደግሞ ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚያደርስ ካርታ። አካል ጉዳተኞች ሰነዱን መጠቀም መቻላቸውን የሚያየው የአክሮባት የተደራሽነት ፍተሻ የንባብ ቅደም ተከተሉንና የቀለም ንፅፅሩን ሰው እንዲያያቸው ብሎ ከመተዉ በቀር ስህተት አላገኘም። እኔም አለፈ ብዬ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ ራስሽ ስሚው» ብለው ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን አንባቢ አስጀመሩት። ከአማርኛው የሰማሁት ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ነበር። በየመሃሉ የኦሮምኛው አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነጋገር ጣልቃ ይገባል። ካርታው ላይ ሲደርስ «ካርታ» ከማለት በቀር ምንም የለም።

ፍተሻው ያልዋሸው ለዚህ ነው። ቋንቋ መገለጹን ያያል፤ ትክክል መሆኑን አያይም። የእኔ ሰነድ ቋንቋው `en-US` ተብሎ ስለተመዘገበ አንባቢው በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ሞከረ። ለሥዕል መግለጫ መጻፉን ያያል፤ መግለጫው የሚጠቅም መሆኑን አያይም።

በሰነዱ ባሕርያት ውስጥ ቋንቋውን `am` አልኩት። አማርኛው ወዲያው ተስተካከለ፤ መምህሩ የአማርኛ ድምፅ በኮምፒውተራቸው ላይ ስለነበራቸው ነው፤ የቋንቋ መለያ በራሱ ድምፅ አይፈጥርም። ቅደም ተከተሉ ግን አስቸገረኝ። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ለማድረግ በሠንጠረዥ ጽፌ፣ እያንዳንዱን አንቀጽ በአንድ ረድፍ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ስለዚህ አንባቢው ከአማርኛው አንድ አንቀጽ፣ ከኦሮምኛው አንድ አንቀጽ እያፈራረቀ ይሄዳል። `Order` በሚለው ሰሌዳ ላይ አስተካክዬ ዳግም ስናዳምጥ ምንም አልተለወጠም። አንባቢው የሚከተለው `Tags` በሚለው ሰሌዳ ላይ ያለውን የመለያዎች ዛፍ ነውና። እዚያ የአማርኛውን አንቀጾች በሙሉ `Sect` በተባለ አንድ የክፍል መለያ ሥር፣ የኦሮምኛውን ደግሞ በሌላ `Sect` ሥር ሰበሰብኩ፤ ባዶ የቀረውን ሠንጠረዥ ሰረዝኩ። በሁለተኛው `Sect` ላይ ቋንቋውን `om` ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይወርሱታል።

ለካርታው «የአዳራሹ ካርታ» ብዬ ልጽፍ ስል መምህሩ «ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? መንገዱን ንገሪኝ» አሉ። ልክ ነበሩ። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከመጋላ በኩል የደቻቱን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ የመጀመሪያው መታጠፊያ በስተግራ፣ ሁለተኛው በር»።

ማስታወቂያውን እንደገና ከመጀመሪያው አዳመጡት። አራተኛው አንቀጽ ላይ አስቆሙትና «ፈተናው ማክሰኞ ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

«ትላንት አንድ ሰው ሐሙስ ብሎ አንብቦልኝ ነበር» አሉና ላፕቶፓቸውን አጠፉ።