የእትዬ ሊጥ

ኅዳር ገብቷል። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ለምታውቁት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ፀሐይ ጠንከር እስክትል ሰው ሁሉ በጋቢ ተጀቡኖ ነው የሚሄደው። ዛሬ ከሥራ መልስ እናቴ ናፍቃኝ ስለ እሷ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። እሷን ሳስብ ግን የመጣብኝ እጇ እስከ ክርን ዱቄት ለብሶ ሊጥ ስታቦካ ነው፤ ከዚያ ሐሳቤ ወደ እትዬ ሄደና እዚያው ቀረ።

እትዬን ታውቋታላችሁ። ገበያው መንገድ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው። ባለፈው ዓመት ይሄን ጊዜ ስትማረር ነበር የማገኛት። ብርዱ ሊጧን አላደርስ ይላታል። ቆላ ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ እዚህ አራተኛውን ቀን ይይዛል፤ እርሾውን የሚያሠራው ሙቀት ነውና ብርድ ሲያገኘው ይተኛል። ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም። ያልደረሰውን አቻኩላ ስትጋግረው እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ምግብ ቤቶቹም ይመልሱባታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምጣዱ ላይ ያለው ተበላሽቶ፣ አብሲት የተጣለበት ሊጥ እዚያው ይወርድባታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያማረራት ግን የእርሾው ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት በሯ ይንኳኳል። ኩባያ የያዘች ልጅ ቆማለች፤ «እትዬ፣ ሊጤ አልነሳ አለኝ፣ እርሾ ስጪኝ።» አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች። አብዛኞቹ እንደ እኔ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ በሳምንት አንዴ ጋግረው ስለሚቀመጡ እርሿቸው ወይ ይሻግታል ወይ ይደርቃል። እሷም ሊጥ ላይ የጠለለውን ያንን ቢጫ ውኃ ትቀዳላቸዋለች። ለራሷ ልታቦካ ስትል ማሰሮው ሥር የቀረው አይበቃትም፤ እርሾ ሲያንስ ደግሞ ሊጡ ይብስ ይዘገያል። «እምቢ በያቸው እንጂ» ብላት ደነገጠች። «እርሾ ይከለከላል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ይህን ነው ያስተማረችሽ?»

ግድግዳውን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ቤቷ ጠባብ በመሆኗ አንዱን ባልዲ ከዳቦ ቤቱ ጋር በሚጋሩት ግድግዳ በኩል ገፍታ አሳደረችው። ዳቦ ቤቱ ምድጃውን አመሻሽ ላይ አቀጣጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጋግር ግድግዳው ለብ ብሎ ያድራል። የበሩ ጋ ባልዲዎች እንደተኙ ነበሩ፤ የግድግዳው ጋ ያለው ግን ደርሶ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ነገሩን ተከታተለችው። የሲሚንቶው ወለል ቅዝቃዜ ከሥር እንደሚገባ አየችና ጣውላ ላይ ገለባ የሞላ ጆንያ አነጠፈች፣ ባልዲዎቹን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለች። ግድግዳውን ነክቶ ያደረው ቶሎ እንደሚኮመጥጥ፣ ክንድ ያህል የራቀው ግን ልክ እንደሚሆን አወቀች። በጣም የኮመጠጠው እንጀራ ሲጠቀለል እንደሚሰነጠቅባት ነግራኛለች። ዳቦ ቤቱ በማይሠራበት በበዓል ማግስት ግድግዳው ስለሚቀዘቅዝ ያን ቀን ቀደም ብላ ታቦካለች።

መድረሱን የምታውቅበት መንገድ ነው የሚደንቀኝ። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ጆሮዋን ወደ ባልዲው ዝቅ ታደርጋለች፤ ሊጡ ሲሠራ ስስ ድምፅ አለው፣ እንደሚንሾካሾክ። ድምፁ ፀጥ ሲል፣ ውኃው ጠልሎ ከላይ ሲቀመጥና ሽታው ከዱቄትነት ወጥቶ አፍንጫ ቆንጠጥ ሲያደርግ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ቀን እኔንም አስጎንብሳ አሰማችኝ።

ታዲያ እርሾ ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ልጅ የደረሰውን ባልዲ አይታ፣ «እትዬ፣ እርሾውን ተይውና ሊጡን ለምን አትሸጪልኝም?» አለቻት። እትዬ ያን ቀን ሳቀች። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ስትደምር ስትቀንስ አደረች። እንጀራ ስትሸጥ መብራቱ፣ እንፋሎቱና ምጣድ ሥር መቆሙ ሁሉ የእሷ ነው። ሊጥ ከሆነ የጤፉን፣ የወፍጮውንና የድካሟን ይዛ መጋገሩን ለገዢዋ ትተዋለች፤ መብራት ቢጠፋም ሊጡ ለጥቂት ሰዓት ይታገሣል። ልጆቹ ምጣድ አላቸው፣ የሌላቸው ጊዜና የሞቀ ቦታ ነው። እሷ ጋ ደግሞ የሞቀ ግድግዳ አለ።

መጀመሪያ ላይ አብሲቱን ራሷ ጥላ፣ ሊጡ ኩፍ ሲል በጆግ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። አልሆነም። ኩፍ ያለ ሊጥ ወዲያው ምጣድ ላይ ካልዋለ ይወርዳል፤ ልጆቹ ጠዋት ገዝተው ሥራ ውለው ማታ ሲጋግሩት ዓይኑ ጠፋ፣ አኩርፈው መለሱላት። ገንዘባቸውን መለሰችና ነገሩን ቀየረችው። አሁን የምትሸጠው ደርሶ አብሲት ያልተጣለበትን ነው። ለእያንዳንዷም ታስረዳለች፦ ከገዛሽው ላይ በጭልፋ ቀንሺ፣ በውኃ አቅጥነሽ እያማሰልሽ አፍይው፣ ገንፎ ሲመስል አውርጂው፣ ለብ እስኪል ጠብቂ፣ ከዚያ መልሰሽ ደባልቂና ኩፍ ሲል ጋግሪ። «ትኩሱን እንዳትጨምሪ፣ ሊጡን ትገይዋለሽ» የምትለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ዘንድሮ እንጀራውን ቀንሳ አብዛኛውን ባልዲ ለሊጥ አድርጋዋለች። ፊቷም ተመልሶላታል፤ ከእንፋሎቱ መራቋ ያስታውቃል። ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ግን ዛሬ ማታ ከእናቴ ሐሳብ ያስወጣኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት የእትዬ እርሾ ሻግቶባት ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶ ነበር። ያዳናት ቀድሞ ከሰጠቻቸው ልጆች አንዷ ናት፤ በኩባያ የወሰደችውን በራሷ ሊጥ አቆይታው ስለነበር መልሳ አመጣችላት። ያ ሁሉ በር ማንኳኳት ለካ የእትዬን እርሾ በየቤቱ አስቀምጦላት ኖሯል። አሁን ግን ሁላችንም የደረሰ ሊጥ እየገዛን ነው። ውኃው ጠልሎ እሷው ጋ ስለሚቀር በግቢያችን እርሾ ያለው ቤት የለም፤ ከሰፈሩም ጥቂት ቢቀር ነው።

እርሾ አሁንም በነፃ ትሰጣለች፤ የሚጠይቃት እየጠፋ ነው እንጂ። እያንዳንዷ ገዢ ሊጧን ስትወስድ ከላይ ከጠለለው አንድ ኩባያ አብራ ትያዝ ብላት ትስማማ ይሆናል፣ ለራሷ የምታቦካበት ይቀንስባታል እንጂ። እሷ እሺ ብትል እንኳን፣ ማቡካት የተወ ሰው እርሾውን ምን ብሎ በሕይወት ያቆየዋል?